አምስት መቶዎቹን ማን ቆጠራቸው?

ጥር 2017 ላይ፣ እሠራበት ከነበረው አነስተኛ የበጎ አድራጎት ማኅበር፣ አሜሪካ ሜሪላንድ ለሚኖሩ አንዲት እናት የሥራ ሪፖርት በኢሜይል ላክሁላቸው። ሴትዮዋ ከሥራ ባልደረቦቻቸውና ከቤተ ክርስቲያን ወዳጆቻቸው 4,000 ዶላር አሰባስበው፣ በአንድ የገጠር ቀበሌ የውኃ ጉድጓድ እንድናስቆፍር አደራ ብለውን ነበር። ጉድጓዱ አልቋል፣ ፓምፑም ተተክሏል። እኔም ቢሮ ውስጥ የለመድነውን ቅጽ ከፍቼ ስምና ቁጥር ቀያየርሁና እንዲህ ስል ጀመርሁ፦ «ክብርት ለጋሻችን፣ ባደረጉልን የማይረሳ ድጋፍ 500 የኅብረተሰብ ክፍሎች የንጹሕ መጠጥ ውኃ ተጠቃሚ ሆነዋል።»

«የኅብረተሰብ ክፍሎች» ማለት ሰው ማለት ነው። በእኛ ሙያ ሰውን ሰው ብሎ መጥራት ለምን እንደሚከብደን አላውቅም።

በማግስቱ መልስ መጣ። አንድ መስመር ብቻ ነው። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። አምስት መቶዎቹን ማን ቆጠራቸው?»

ማንም አልቆጠራቸውም። ቁጥሩ የመጣው ከማቀጃ ሰነድ ነው። የገጠር ውኃ ሲታቀድ ለእያንዳንዱ የግንባታ ዓይነት የተመደበ የሰው ብዛት አለ፤ በማሽን ለተቆፈረ ጥልቀቱ አነስተኛ ጉድጓድ 500 ሰው፣ በእጅ ተቆፍሮ ፓምፕ ለተገጠመለት 270 ሰው ይያዛል። ይህ የዕቅድ መነሻ ነው። «እዚህ ቦታ ስንት ጉድጓድ ያስፈልጋል?» ለሚለው ጥያቄ ያገለግላል። ሥራው ካለቀ በኋላ ግን ያው ቁጥር ልብሱን ቀይሮ ውጤት ሆኖ ይቀርባል። የእኔ ጥፋት ደግሞ ድርብ ነበር፤ የእኛው ጉድጓድ በእጅ የተቆፈረ ሆኖ ሳለ የማሽኑን ቁጥር ነው የጻፍሁት።

ጥያቄው ከነከነኝና ቁጭ ብዬ በጀሪካን አሰላሁት። በሁለተኛው የዕድገትና የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን ለገጠር የተቀመጠው ልክ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ ያውም በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ የሚል ነው። 500 ሰው በ25 ሊትር ሲባዛ 12,500 ሊትር ይሆናል። ባለ 20 ሊትሯ ቢጫ ጀሪካን 625 ጊዜ ልትሞላ ነው ማለት ነው። የእጅ ፓምፕ አንዷን ጀሪካን ለመሙላት፣ እጅ ሳይዝልና ወረፋ ሳይቆራረጥ፣ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ 625 ጀሪካን ከ15 ሰዓት በላይ ያለ ዕረፍት መምታት ይጠይቃል። ሴቶቹ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምረው እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ቢመቱም አይጨርሱትም። በ270 ሰው ሲሰላ ግን ወደ ስምንት ሰዓት ተኩል ይወርዳል፤ ከባድ ቢሆንም የሚቻል ነገር ነው። ለሜሪላንዷ እናት የላክሁት ቁጥር ስህተት ብቻ አልነበረም፤ ያ ፓምፕ ሊያደርገው የማይችለው ነገር ነበር።

እንዲህ ያለውን ሪፖርት የሚያነብ ሰው እንደ እሳቸው ወደ ቦታው መሄድ ሳያስፈልገው አንድ ነገር ማየት ይችላል። ቁጥሩ ክብ ከሆነ፣ ማለትም 500፣ 1,000፣ 5,000 ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተባዛ እንጂ የተቆጠረ አይደለም። የተቆጠረ ሰው 246 ወይም 311 ሆኖ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ሄደን ቆጠርን። ቆጠራው ውድ ነገር አይደለም። ከፓምፑ አጠገብ ጥላ ሥር አንድ ሰው ወረቀትና እርሳስ ይዞ ከንጋት እስከ ምሽት ይቀመጣል፤ ለእያንዳንዱ ጀሪካን አንድ ጭረት ያሰምራል። ቀኑን መምረጥ ግን ያስፈልጋል። ቅዳሜ ገበያ የሚውልበት ቀበሌ ከሆነ መንገደኛው ሁሉ ስለሚቀዳ ቁጥሩ ያብጣል፤ በዓል ከሆነም ለጠላና ለምግብ የሚቀዳው ይበዛል። ክረምት ላይ ደግሞ የጣሪያና የምንጭ ውኃ ስላለ ፓምፑ ፆሙን ይውላል። እኛ አንድ የገበያ ቀንና አንድ ተራ ቀን መረጥን። በገበያው ቀን 212 ጀሪካን፣ በተራው ቀን 168 ጀሪካን ተቀዳ። አማካዩ 190 ጀሪካን፣ ማለትም 3,800 ሊትር ነው። ከዚያ የውኃ ኮሚቴውን መዝገብ አየን። ወርኃዊ መዋጮ ለመክፈል የተመዘገቡት 52 አባወራዎች ናቸው፤ በቤታቸው ያለው ሰው ሲደመር 246። እንግዲህ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ከግማሽ ገደማ ይደርሰዋል። ከ25 ሊትሩ ልክ ያንሳል።

አለቃዬ ይህን ቁጥር ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ከ500 ወደ 246 መውረድ ለጋሽ ያባርራል የሚል ስጋት ነበረው። ስጋቱ ተራ አይደለም፤ አንዱ ማኅበር እውነቱን ሲጽፍ ጎረቤቱ 5,000 ብሎ ይልካል፤ ለጋሹም ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያያል። ቢሆንም ሁለተኛውን ደብዳቤ ጻፍነው። ዋናው ክፍል ይህን ይመስል ነበር፦

«ውድ እናታችን፣ ባለፈው ደብዳቤያችን 500 ሰዎች ብለን የጻፍነው ስህተት ነው፤ ከዕቅድ ሰነድ የወሰድነው እንጂ የቆጠርነው አልነበረም። ለጥያቄዎ እናመሰግናለን። አሁን ሄደን ቆጥረናል። በእርስዎና በወዳጆችዎ ገንዘብ ከተቆፈረው ጉድጓድ 52 ቤተሰቦች፣ 246 ሰዎች ይቀዳሉ። ጉድጓዱ 14 ሜትር ጥልቀት አለው፤ የተገጠመለት አፍሪዴቭ የተባለ የእጅ ፓምፕ ነው። ቀድሞ ከወንዝ ቀድቶ ለመመለስ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይፈጅ ነበር፤ ዛሬ ወረፋን ጨምሮ ሰላሳ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ይህንን ያወቅነው አሥራ ሁለት ሴቶችን አብረናቸው ሄደን በሰዓት በመለካት ነው። ለአንድ ሰው የሚደርሰው ውኃ ግን ገና 15 ሊትር ገደማ ነው፤ መንግሥት ካስቀመጠው 25 ሊትር ያንሳል።»

አንባቢ ልብ እንዲለው የምፈልገው የምስጋናውን ቦታ ነው። የምናውቀው የሪፖርት ደብዳቤ ግማሽ ገጽ ምስጋና ነው፤ ደግነትዎ፣ ቸርነትዎ፣ ውለታዎ እየተባለ ይደረደራል። ይህ ምስጋና ለማንም ሊላክ ስለሚችል ማንንም አያመሰግንም። እዚህ ግን ምስጋናው የተሰጠው አንዲት የታወቁ ሴት ላደረጉት አንድ የታወቀ ነገር፣ ለጥያቄያቸው ነው። ገንዘባቸውንም ያመሰገንነው ምን እንደሆነ በማሳየት ነው።

በሥራና በለውጥ መካከል ያለውንም ልዩነት እዚሁ ማየት ይቻላል። ጉድጓድ መቆፈር፣ ፓምፕ መትከል፣ ኮሚቴ ማሠልጠን የተሠራ ሥራ ነው። የመንገዱ ማጠር ደግሞ በሰዎቹ ኑሮ ላይ የታየ ለውጥ ነው። ለጋሽ የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው፤ ማኅበሮች በብዛት የሚልኩት የመጀመሪያውን ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ከቢሮ ሳይወጡ ይቆጠራል። ደቂቃን ለመለካት ከሴቶቹ ጋር አብሮ መሄድ ያስፈልጋል። «ስንት ደቂቃ ይፈጅብሻል?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ሰዓት ያላሰረ ሰው የሚነግርህ ድካሙን ነው፣ እንግዳን ላለማስቀየምም የሚፈልገውን መልስ ሊሰጥህ ይችላል።

ከዚህ አልፎ «በቀበሌው የተቅማጥ በሽታ በግማሽ ቀነሰ» ብሎ መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እኔም ቀድሞ ጽፌዋለሁ። የጤና ኬላው መዝገብ የመላውን ቀበሌ በሽተኛ ነው የሚመዘግበው፤ የእኛን 52 ቤቶች ለይቶ አያሳይም። ተቅማጥ ከወቅት ጋር ይወጣል ይወርዳል። ከጉድጓዱ ንጹሕ ሆኖ የወጣ ውኃም ባልታጠበ ጀሪካን ውስጥ ቤት እስኪደርስ ሊበከል ይችላል። በአንድ ጉድጓድ እንዲህ ያለውን ለውጥ ማረጋገጥ አይቻልም። መናገር የሚቻለው የውኃውን ምርመራ ነው፦ መቼ ተመረመረ፣ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ከሰገራ የሚመጣው የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ተገኘ ወይስ አልተገኘም። ስምጥ ሸለቆ ከሆነ ደግሞ ፍሎራይድ ተለካ ወይ ብሎ መጠየቅ የግድ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ልክ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በዚያ አካባቢ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ ያልፋሉ፤ ፍሎራይድ ደግሞ ቢፈላም አይለቅም። የእኛ ጉድጓድ ደጋ ላይ ስለሆነ ለዚህ ብዙም አላሰጋንም።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«የላኩልን 4,000 ዶላር ሰኔ 2016 ላይ በ57 ብር ተመንዝሮ 228,000 ብር ሆኖ ገብቷል። 31,000 ብር ውኃ ባላገኘንበት የመጀመሪያ ጉድጓድ ላይ ወጥቷል። 161,000 ብር ለሁለተኛው ጉድጓድ ቁፋሮ፣ ለኮንክሪት ቀለበቶችና ለፓምፑ፣ 20,000 ብር ለውኃ ምርመራና ለኮሚቴው ሥልጠና፣ 16,000 ብር ለቢሯችን ወጪ ውሏል። ድንጋይና አሸዋ ያቀረበው፣ ጉልበቱንም የሰጠው የአካባቢው ሕዝብ ነው፤ ይህ በብር አልተተመነም።»

የምንዛሪው መስመር በተለይ በውጭ ለሚኖር ሰው ዋና ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እናታችን ገንዘቡን ከላኩ በኋላ ዜናውን ሰምተው በሞባይላቸው ቢያሰሉት 4,000 ዶላር ከ400,000 ብር በላይ ሆኖ ያገኙታል፤ እኛ ደግሞ 228,000 ነው የምንለው። ቀኑንና ምንዛሪውን ካልጻፍን ግማሹ ገንዘብ የጠፋ ይመስላል። ገንዘቡ የገባበት ቀን ያለበት የባንክ ወረቀት ቢያያዝ ደግሞ ጥርጣሬ ቦታ አይኖረውም።

የቢሮ ወጪም እንዲሁ መደበቅ የለበትም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የእኛ በዚህ ሥራ ወደ 7 በመቶ ነው። «መቶ በመቶ ገንዘብዎ ለችግረኛው ይደርሳል» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ የቤት ኪራዩንና የሒሳብ ሠራተኛውን ማን እንደሚከፍል መጠየቅ ነው። መልስ ሊኖረው ይችላል። በ2006 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ የተመሠረተውና በኢትዮጵያም ብዙ የሠራው ቻሪቲ ዎተር ከሕዝብ የሚሰበስበውን ሁሉ ለውኃ ሥራ አውላለሁ ይላል፤ የቢሮውን ወጪ የሚሸፍኑለት ለዚሁ ብለው የሚለግሱ ሌሎች ሰዎች ስላሉት ነው። ከቢሮ ወጪ ነፃ የሆነ ሥራ የለም፤ ሌላ ከፋይ ነው ያለው።

እግረ መንገዴን፦ የሥራ ሪፖርትና የግብር ደረሰኝ አንድ አይደሉም። በአሜሪካ ለተመዘገበ ማኅበር 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የለገሰ ሰው ከግብር እንዲቀነስለት መጠኑን የሚገልጽና በምትኩ ዕቃ ወይም አገልግሎት ማግኘት አለማግኘቱን የሚናገር የጽሑፍ ማረጋገጫ ይፈልጋል። ብዙዎች ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ ጠቅልለው ይልኩና ለጋሹ ሚያዝያ ላይ ግብሩን ሲያሳውቅ ስለ ጉድጓድ በሚያወራ ሦስት ገጽ ውስጥ አንዲት መስመር ሲፈልግ ይውላል። ለየብቻ ይላኩ።

አሁን ወደ 31,000 ብሩ። ከሁሉ ይልቅ የተከራከርንበት መስመር ይህ ነበር። የመጀመሪያው ቦታ የተመረጠው ለትምህርት ቤቱ ስለሚቀርብ ነው። ዘጠኝ ሜትር ሲደርሱ ቆፋሪዎቹ ከአለት ጋር ተፋጠጡ፤ ሳምንት ሙሉ በመዶሻና በመሮ ቢታገሉም አልበገር አለ። ትተነው 200 ሜትር ዝቅ ብለን እንደገና ጀመርን። ይህንን ወጪ «ቁፋሮ» በሚለው ውስጥ ጨምሮ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ሐሰትም አይሆንም። ከአለቃዬ ጋር ሁለት ቀን ተነታረክን። በመጨረሻ «እንጻፈው፣ ግን አንተ ፈርምበት» አለኝ።

ያሳመነው አንድ የቆየ ታሪክ ይመስለኛል። በ2010 እ.ኤ.አ. ቻሪቲ ዎተር በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ፣ ሞአሌ በምትባል የባያካ ሕዝብ መንደር፣ ቁፋሮውን ለለጋሾቹ በቀጥታ ሊያሳይ ተነሣ። ውኃ አልወጣም። መሥራቹ ስኮት ሃሪሰን ቪዲዮውን ቆርጦ ከመጣል ይልቅ «አልተሳካልንም» ብሎ ለለጋሾቹ ሁሉ አሳየ። ገንዘባቸውን የጠየቀ ሳይሆን ያበረታታ ነው የበዛው፤ በኋላም ተመልሰው ውኃ አገኙ። በካናዳ ድንበር የለሽ መሐንዲሶች የተባለው ማኅበርም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከሸፉ ሥራዎቹን ብቻ የሚዘረዝር ዓመታዊ ሪፖርት አውጥቷል። እርግጥ ትልቅ ማኅበር ሽንፈቱን ሲናገር አይጎዳም፤ የአንድ ጉድጓድ ማኅበር ግን አንዱ ከከሸፈበት የቀረ ነገር የለውም። አለቃዬ የፈራው ይህን ነው፤ አልፈርድበትም።

ሽንፈት ሲጻፍ ግን ሦስት ነገር አብሮ ካልተጻፈ ማልቀስ ብቻ ነው፦ ምን ያህል እንዳስወጣ፣ ለምን እንደሆነ፣ ቀጥሎ ምን እንደተለወጠ። እኛ የጻፍነው ከአሁን በኋላ ቦታ ከመምረጣችን በፊት የወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ እንዲያየው እናደርጋለን የሚል ነበር። ያን ጊዜ ለምን አላደረግነውም? ባለሙያው አንድ፣ ሞተር ብስክሌቱ የተበላሸ፣ ቀበሌው ደግሞ ብዙ ነበር። ይህንንም ጻፍነው።

ፎቶው ላይም ተነጋግረናል። በመጀመሪያው ደብዳቤ ያያያዝነው ንፍጧ የወረደ ሕፃን ፓምፑ ሥር ቆማ ነበር። እናቷን አላስፈቀድንም። በሁለተኛው የላክነው የፓምፑን ወለል፣ አጥሩንና የቆሻሻ ውኃ መውረጃውን የሚያሳይ ነው። ለልብ የሚሆን ሥዕል አይደለም፤ ግን ሥራ የሚያውቅ ሰው ብዙ ያነብበታል። ወለሉ ተሰንጥቆ ከሆነ የፈሰሰው ውኃ ወደ ጉድጓዱ ተመልሶ ይገባል፤ አጥር ከሌለ ከብቱ እዚያው ይቆማል። የቦታውን የጂፒኤስ ቁጥርም ጨመርንበት፤ የእናታችን ዘመድ ወደዚያ ቢያልፍ ሄዶ እንዲያይ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ግን ሪፖርቱ ገና ግማሽ ነበር። ከሰሃራ በታች ባለችው አፍሪካ ስለ እጅ ፓምፖች የተሰበሰበ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ግምት ከፓምፖቹ ወደ 36 በመቶ የሚሆኑት በማንኛውም ጊዜ የማይሠሩ ናቸው ይላል። በምረቃው ቀን ግን ሁሉም ይሠራሉ። ሪፖርት ደግሞ የሚጻፈው በምረቃው ሰሞን ነው። ለዚህ ነው ከመጀመሪያው ይልቅ የዓመቱ ደብዳቤ የሚበልጠው፤ አብዛኛው ማኅበርም የማይልከው እሱን ነው፤ ምክንያቱም ፕሮጀክቱ ተዘግቷል፣ በጀቱም አልቋል።

እኛ ላክነው። አጭር ነበር። ፓምፑ በዓመቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ቆሟል። የመጀመሪያው በሦስት ቀን ተጠገነ። ሁለተኛው 19 ቀን ፈጀ፤ የተበላሸው ውኃውን ወደ ላይ የሚስበው ክፍል ላይ ያለች የጎማ ማኅተም ናት። አፍሪዴቭ የተሠራው ይህችን ጎማ የመንደሩ ሰው ራሱ እንዲቀይራት ታስቦ ነው፤ የሠለጠኑት ሁለት የኮሚቴ አባላትም ያውቁበታል። ጎማዋ ግን በወረዳው ከተማ ሱቅ አልነበረችም። ኮሚቴው ከወርኃዊ መዋጮው ያስቀመጠው ብር ነበረው፤ የሚገዛው ነገር ነው የጠፋው። በእነዚያ 19 ቀናት ሴቶቹ ወደ ወንዙ ተመልሰዋል።

ደብዳቤውን በላክሁ በሰዓታት ውስጥ፣ ሜሪላንድ ገና ሳይነጋ ይመስለኛል፣ መልስ መጣ። አሁንም አንድ መስመር ነበር።

«ጎማዋ ስንት ብር ናት? ሃያ ገዝታችሁ ኮሚቴው ዘንድ አስቀምጡልኝ፤ ደረሰኙን እንዳትረሱ።»